‹እግርሽ ይሰበር› ብለው የሚመርቁት ለምንድን ነው?

*ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ትምህርት ቤቷ በሚያዘጋጀው ተውኔት ላይ ትልቅ ድርሻ አግኝታለች። ባለፈው ሳምንት ከልምምድ ስወስዳት መምህሯ በሩ ላይ ቆማ ‹ለዓርብ ብሬክ ኤ ሌግ!› አለቻት። ልጄ ሳቀች። እናቴ መኪና ውስጥ ነበረች። ‹ምን አለቻት?› ስትለኝ ሳላስብ ‹እግርሽን ስበሪ አለቻት› አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ‹ይቺ ሴትዮ ልጄ ላይ አሟረተችባት› ትላለች፤ ቴአትሩንም አልመጣም ብላለች። መልካም ምኞት መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ ለምን እንደዚያ እንደሚሉ ስትጠይቀኝ ግን መልስ የለኝም። ሰው እንዴት በእርግማን ይመርቃል? ለእናቴስ ምን ልበላት?*

*የተዋናይዋ እናት*

ሰላም እህቴ። እናትሽ አልተሳሳቱም፣ ከዚሁ ልጀምር። ቃሉ እርግማን ነው። እንዲያውም አንቺ ስትተረጉሚው አለሳልሰሽዋል። እንግሊዝኛው ሲሰማ ‹ስበሪ› የሚል ትእዛዝ ይመስላል። ግን እነሱ አንድ ሰው ከደረጃ ወድቆ ሲጎዳም ‹እግሩን ሰበረ› ነው የሚሉት። ሰውየው አደጋ ደረሰበት እንጂ እግሩን አንስቶ አልሰበረም፣ አነጋገራቸው ግን እንደዚያ ነው። ወደ እኛ ስናመጣው ‹እግርሽ ይሰበር› ይሆናል። ይህን ደግሞ እናትሽ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እኛ ጋ የማይሆን ቦታ ሄዶ የተጸጸተ ሰው ‹ያን ቀን እግሬ በተሰበረ› ይል የለ? ቃሉ ለጆሯቸው ቀጥታ እንደ እርግማን ቢገባ አይገርምም።

ይህን ያነሳሁት ጥንት ላይ እንግሊዞቹ ራሳቸው ሲሉት የነበረው በዚሁ በሙሉ የእርግማን መልኩ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ሮበርት ሊንድ የሚባል አየርላንዳዊ ጸሐፊ ኒው ስቴትስማን በተባለ የለንደን ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ስለ አጉል እምነት አንድ ጽሑፍ አወጣ። በእንግሊዝ አገር ከፈረስ እሽቅድምድም ቀጥሎ እንደ ቴአትር ቤት አጉል እምነት የበዛበት ቦታ የለም ይላል። ከዚያ ስለ ፈረስ ሰዎች ያወራል። እነሱ ዘንድ ለአንድ ሰው መልካም ዕድል መመኘት ገደ ቢስ ነው። ስለዚህ በምትኩ አንድ የሚያስቀይም ነገር ልትይው ይገባል፣ ለምሳሌ ‹እግርህ ይሰበር!› ብለሽ።

ስለዚህ አባባል በጽሑፍ ከተገኙት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው፤ እኔም ደጋግሜ የምመለሰው ወደ እሱ ነው። ልብ በይ፣ ሊንድ ስለ ቴአትር እያወራ እንኳ አባባሉን የሰጠው ለፈረስ ሰዎች ነው። ሰበቡንም አብሮ ነግሮናል፦ ዕድልን ጮክ ብሎ መመኘት ዕድሉን ያበላሸዋል፣ ስድብ ግን ይጠብቀዋል።

ወደ መድረኩ መቼ ገባ ካልሽኝ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ይታያል። በ1939 የታተመ የአንዲት አሜሪካዊት ደራሲ የሕይወት ታሪክ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ተተኪ ተዋንያን፣ ማለትም ዋናው ተዋናይ ከታመመ ብቻ መድረክ ላይ የሚወጡት፣ ከኋላ ወንበር ተደርድረው ዋናዎቹ እግራቸው እንዲሰበር በጨዋነት ሲመኙ ትገልጻቸዋለች። እዚህ ጋ ምኞቱ የእውነት ነው! የአንዱ እግር ካልተሰበረ የሌላው ተራ አይደርስም። በ1948 የወጣ የቴአትር መመሪያ መጽሐፍ ግን ልክ ዛሬ እንደምናውቀው አድርጎ ጽፎታል፦ ተዋንያን ከትርኢት በፊት መልካም ዕድል አይባባሉም፣ ‹እግርህ እንዲሰበር እመኛለሁ› ይባባላሉ። በኋላ ‹እመኛለሁ› የሚለው እየተቆረጠ ሄዶ ሦስት አጭር ቃል ብቻ ቀረ። የልጅሽ መምህር ያለችው ያን ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ ልምጣ፣ ሰው እንዴት በእርግማን ይመርቃል ወዳልሽው።

ይህ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። የጀርመን መርከበኞች ለባሕር ጉዞ ሲለያዩ ‹ማስት ኡንት ሾትብሩክ› ይባባላሉ፤ ምሰሶህም የሸራህም ገመድ ይሰበር፣ ይበጠስ እንደማለት ነው። ያለ ሞተር በሚበሩ ቀላል አውሮፕላኖች የሚወጡ ጀርመኖች ደግሞ ‹ሆልም ኡንት ሪፐንብሩክ› ይላሉ፤ ክንፉን የሚሸከመው ዋናው ዘንግና የክንፉ የጎን አጥንቶች ይሰበሩ ነው። የኖርዌይ ሰዎች ዓሣ ሊያጠምድ ለሚወጣ ሰው ‹ሺት ፊስኬ› ይላሉ። የመጀመሪያው ቃል ዓይነ ምድር ነው፣ የዓሣው ነገር እንዲበላሽብህ እመኛለሁ ማለታቸው ነው። የሩሲያ አዳኞች ‹ኒ ፑኻ ኒ ፔራ› ይባባላሉ፤ ፀጉር ያለው አውሬም ላባ ያለው ወፍም አይጣልልህ፣ ባዶ እጅህን ተመለስ።

እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ስታያቸው አንድ ነገር ይገለጥልሻል። ማንም ዝም ብሎ ያገኘውን ክፉ ነገር አይመኝም። መርከበኛው ምሰሶውን ነው የሚጠራው፣ አብራሪው ክንፉን፣ አዳኙ ባዶ እጁን። እያንዳንዱ ሙያ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳውን የራሱን ፍርሃት መርጦ ነው የሚናገረው። ፈረስ ጋላቢም እንዲሁ ነው። ግማሽ ቶን የሚከብድ ፈረስ ላይ ተንጠልጥሎ በሰዓት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ሰው ቢወድቅ፣ ከኋላ ያሉት ፈረሶች በላዩ ላይ ሊያልፉ ይችላሉ። እግሩ ከተሰበረ እንጀራው ቀረ። ለእሱ ‹እግርህ ይሰበር› የሚለው ቃል በየቀኑ የሚፈራውን ነገር ስሙን ጠርቶ ነው የሚነግረው።

ተዋናይን አስቢው እስቲ። ተዋናይ የሚፈራው ምንድን ነው? የሚናገረው ቃል ጠፍቶበት መድረክ መሀል ላይ ደርቆ መቅረቱን ነው። ድምፁ መዘጋቱን፣ ተመልካች አለመምጣቱን ነው። እግሩን አይደለም። አባባሉ ቴአትር ቤት ውስጥ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ‹ቃልሽ ይጥፋሽ› ወይም ‹አዳራሹ ባዶ ይሁን› የሚል ይመስለኛል። የእግር ነገር መሆኑ ከሌላ ሙያ ተውሰውት እንደመጣ ያሳብቃል ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ነው የሊንድን ምስክርነት ከሌሎቹ ሁሉ የማስቀድመው።

ታዲያ የሚፈሩትን ስም መጥራት ምን ይጠቅማል? ከሥሩ ያለው እምነት አንድ የሚሰማ አለ የሚል ነው። ቅናተኛ መንፈስ በይው፣ የጫካ ጌታ በይው፣ ምቀኛ ዕድል በይው፣ ጆሮውን አቁሞ የሰውን ደስታ የሚያዳምጥ አንድ ነገር አለ። ‹ይቅናሽ› ሲባል ከሰማ፣ የሚበላሽ ጥሩ ነገር እንዳለ አወቀ ማለት ነው። ‹እግርሽ ይሰበር› ሲባል ከሰማ ግን ነገሩ ቀድሞ ተበላሽቷል፣ ለእሱ የቀረ ሥራ የለም፣ ትቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ይህ ኃይል የሰው ተቃራኒ ነው ይላል፤ ክፉ ስትመኚ እልህ ይዞት ደግ ያደርጋል። ሁለቱም መንገድ ወደ አንድ ቦታ ይወስዳል፣ የልብሽን ደብቀሽ ተቃራኒውን ተናገሪ ወደሚለው።

ይህ እንደዚያ መሆኑ በደንብ የሚታየው መልሱ ላይ ነው። ሩሲያዊው አዳኝ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ፈተና የሚገባው ሩሲያዊ ተማሪ፣ ‹ኒ ፑኻ ኒ ፔራ› ሲባል ‹አመሰግናለሁ› አይልም። ካለ ተበላሸ። ‹ክ ቾርቱ!› ነው የሚለው፣ ወደ ሰይጣን ሂድ! ለጣሊያኖችም እንዲሁ ነው። አንድ ዘፋኝ ወደ መድረክ ሲወጣ ‹ኢን ቦካ አል ሉፖ› ይሉታል፣ ተኩላው አፍ ውስጥ ግባ ነው። እሱም ‹ክሬፒ!› ይላል፣ ይሙት፣ ተኩላው ይፈንዳ ማለቱ ነው። ምስጋና ምስጢሩን ያወጣዋል። ለተረገምሽበት ነገር ካመሰገንሽ፣ የሚያዳምጠው አካል ምርቃት እንደነበር ገባው ማለት ነዋ! የእንግሊዝኛው ግን በዚህ ላልቷል። ልጅሽ ‹ታንክ ዩ› ብትል ማንም አይደነግጥም።

አሁን አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ይህን ጉዳይ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጊ የመጀመሪያው የሚመጣልሽ የሊንከን ገዳይ ታሪክ ነው፤ እናንተ አካባቢ ደግሞ በተለይ ይወራል። ቦታው ቅርባችሁ ነው፣ ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ዛሬም ድረስ ትርኢት የሚታይበት ፎርድስ ቴአትር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1865 ምሽት ጆን ዊልክስ ቡዝ የሚባል ታዋቂ ተዋናይ ፕሬዚዳንት ሊንከንን የክብር መቀመጫቸው ላይ ተኩሶ መታቸው። ከዚያ ከፎቁ ወደ መድረኩ ዘለለ። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ስዘል እግሬ ተሰበረ ብሎ ጽፏል፤ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች የተሰበረው በኋላ ሲሸሽ ፈረሱ ወድቆበት ነው ይላሉ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ ተከቦ ተገደለ። ታሪኩ እውነት ነው። ተዋናይ አለ፣ መድረክ አለ፣ የተሰበረ እግር አለ። ሰው አባባሉ ከዚህ መጣ ቢል እንዴት አያምርም?

ግን አይሆንም። እንዴት እንደማይሆን ላሳይሽ፣ ምክንያቱም ስለ ቃል አመጣጥ የሚወራ ነገር በሰማሽ ቁጥር ይሄው ዘዴ ይሠራልሻል። መጀመሪያ ጊዜውን ጠይቂ። ቡዝ የዘለለው በ1865 ነው፣ አባባሉ በጽሑፍ ብቅ ያለው በ1920ዎቹ ነው። ተዋንያን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲባባሉት ኖረው አንድም ጋዜጣ፣ አንድም ደብዳቤ፣ አንድም የትዝታ መጽሐፍ ሳይመዘግበው ይቀራል? ያኔ ስለ ተዋንያን ኑሮ የማይጻፍ ነገር አልነበረም። ቀጥሎ ቦታውን ጠይቂ። ከዋሽንግተን መድረክ የተነሳ ቃል ለንደን ደርሶ፣ የተዋንያን ሳይሆን የፈረስ ሰዎች ቃል ሆኖ መገኘቱ ግራ ነው። በመጨረሻ ሰዎቹን አስቢያቸው። ከግድያው በኋላ የቴአትር ቤቱ ባለቤት ታስሯል፣ ቤቱ ተዘግቷል፣ የተዋናይ ስም በመላ አገሪቱ ጠቁሯል። በዚያ ሰሞን የነበሩ የመድረክ ሰዎች የዚያን ሰውዬ እግር የዕድል ምልክት አድርገው ይይዙታል ብዬ ማመን አልችልም።

ሌላም ትሰሚያለሽ። የመድረኩ የጎን መጋረጃ በሙያው ቋንቋ ‹እግር› ይባላል፣ እሱን አልፎ ወደ መድረክ የወጣ ተዋናይ ነው የሚከፈለው፣ አባባሉም ከዚያ ነው የሚሉ አሉ። የጎን መጋረጃው እግር መባሉ ልክ ነው። ግን የድሮውን አነጋገር አስታውሺ፣ ‹እግርህ ይሰበር› ነው ያለው፣ የራስህ እግር። መጋረጃ የማንም እግር አይደለም። ተዋናይ ለጭብጨባ እጅ ሲነሳ ጉልበቱን ስለሚሰብር ነው የሚለውም በዚሁ ይወድቃል፤ ሊንድ የሚያስቀይም ነገር በሉ ነው ያለው፣ እጅ መንሳት ምኑ ያስቀይማል?

አንድ ሌላ ታሪክ ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል፣ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ በተለይ ጆሮ ይስባል። ጀርመኖች ‹ሃልስ ኡንት ባይንብሩክ› የሚሉት አባባል አላቸው። አንገትህም እግርህም ይሰበር ማለት ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አብራሪዎች ይባባሉት ነበር። የአይሁድ ዕብራይስጥ ደግሞ ‹ሃጽላኻ ኡብራኻ› የሚል ምርቃት አለው፣ ስኬትና በረከት። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በራሳቸው አነጋገር ‹ሃጽሎኸ ኡን ብሮኸ› ይሉታል። ቶሎ ቶሎ በይው እስቲ። ‹ብሮኸ› እና ‹ብሩክ› ምን ያህል ይራራቃሉ? አንዳንድ ምሁራን ጀርመኖቹ ምርቃቱን አሳስተው ሰምተው ስብራት አደረጉት ይላሉ። እንግሊዝኛው ከጀርመንኛው፣ ወይም ከኒው ዮርክ የአይሁድ ቴአትር ሰዎች መጣ የሚሉም አሉ። ያ ‹ብራኻ› የሚለው ቃል የኛው ‹በረከት›፣ የኛው ‹ቡራኬ› ወንድም ነው፣ አንድ ሥር ነው ያላቸው። እስራኤል ያሉት ወገኖቻችን ቃሉን በየቀኑ ይሰሙታል። እውነት ቢሆን እናትሽ የደነገጡበት እርግማን ከውስጡ በረከት ወጣ ማለት ነበር።

ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩትም። ምሁራኑም አልተስማሙበትም። የኔ ምክንያት ከላይ የነገርኩሽ መርከበኞች ናቸው። ጀርመንኛ ምሰሶ ይሰበር፣ ክንፍ ይሰበር እያለ በየሙያው አንድ ዓይነት አባባል የሚሠራ ከሆነ፣ አንገትና እግር ይሰበር ለማለት የማንም ቋንቋ አሳስቶ መስማት አያስፈልገውም። ‹አንገትና እግር መስበር› የሚለው ጥምረት ራሱ ክፉ አወዳደቅን ለመናገር ጀርመንኛ ውስጥ የቆየ ነው። የዕብራይስጡ ድምፅ ነገሩን አግዞት ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ጆሮ ላይ አብረው ይጨፍራሉ። ወላጁ እሱ ብቻ ነው ለማለት ግን በቂ አይደለም።

እናትሽ ጋ ልመለስ። ይህን ሁሉ ታሪክ አትንገሪያቸው፣ ሊንድም ጀርመኑም አያስፈልጓቸውም። የሚያስፈልጋቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ‹እማ፣ ዓይን እንዳይገባባት ብለው ነው የሚሉት።› በቃ። ከዚህ በላይ ማስረዳት አያሻም፣ ምክንያቱም እናትሽ ዓይን የሚባለውን ከነመምህሯ በተሻለ ያውቁታል። አገር ቤት ወዛም ሕፃን ያየች ጎረቤት ምን ትላለች? ጉንጩን ነክታ ‹ውይ ስታስጠላ!› ትላለች። እናቱም አትቀየምም፤ እንዲያውም ‹እንዴት ያምራል› ብላ ዝም ብትል ነበር ልቧ ድንግጥ የሚለው። ከዚያ ‹ከዓይን ያውጣህ› ይከተላል፣ ‹እንትፍ እንትፍ› ይከተላል። አንቺንም ሕፃን ሆነሽ አንድ ሰው ‹ስታስጠዪ› ብሎሽ ይሆናል፣ ጠይቂያቸው እስቲ። የመምህሯ ‹እግርሽ ይሰበር› የዚያ ‹ስታስጠዪ› የአክስት ልጅ ነው። ሥራቸው አንድ ነው፣ ያማረውን ነገር በአስቀያሚ ቃል ሸፍኖ ማሳለፍ።

እንትፍታውም ቢሆን የኛ ብቻ አይደለም። ጀርመንኛ ተናጋሪ የኦፔራ ዘፋኞች ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ‹ቶይ ቶይ ቶይ› ይባባላሉ። ሦስት ጊዜ መትፋት የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሩሲያዊም በግራ ትከሻው በኩል ‹ትፉ ትፉ ትፉ› ይላል። እኛ ጋ ሽማግሌ ሲመርቅም እንትፍ ስለሚል የኛው ምርቃቱንም መከላከያውንም በአንድ ላይ የያዘ ነው። ይሄን ሲሰሙ እናትሽ ምን እንደሚሉ ባይ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ መጠየቃቸውም ልክ ነው። ‹የእውነት ብትረግማትስ በምን አውቃለሁ?› ቃሉ አንድ ነው፣ ቅድም ያልኩሽን ተተኪ ተዋንያን አስታውሺ፣ እነሱ ከልባቸው ነበር የሚመኙት። ልዩነቱ ቃሉ ውስጥ አይደለም ያለው፣ ሰዓቱና ቦታው ላይ ነው። እኔ ወጣት ሆኜ አንድ ትንሽ ቴአትር ቤት ውስጥ በፈቃደኝነት የተዋንያን ልብስ እይዝ ነበር። አዳራሹ ጨልሞ፣ መጋረጃው ሊከፈት አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። የአንዷ ቀሚስ ቁልፍ ተበጥሶ በመርፌ ቁልፍ እያያዝኩላት ነበር፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ አብሯት የሚጫወተው ልጅ ትከሻዋን ጨበጥ አድርጎ ያንኑ ቃል አላት። ስቃ ተነፈሰች፣ እጇም ተረጋጋ። ይባላል ለሚጫወት ሰው፣ ሊጫወት ሲል፣ ፊት ለፊት፣ በፈገግታ። ከዚህ አንዱ ከጎደለ ትርጉሙም ይጎድላል።

ስለዚህ የማይባልበትን ልጨምርልሽ፣ ልጅሽ ቃሉን ወዳዋለችና ነገ የሆነ ቦታ ትጠቀምበታለች። ዛሬ አሜሪካኖች ለሥራ ቃለ መጠይቅም፣ ለፈተናም፣ ለስብከትም ይሉታል፣ ችግር የለውም። የእውነት ሊወድቅ ለሚችል ሰው ግን ያስቀፍፋል። ክራንች ለያዘ፣ ቀዶ ሕክምና ለሚገባ፣ ለነፍሰ ጡር አይባልም። ዳንሰኞች ራሳቸው አይባባሉትም፤ እግራቸው እንጀራቸው ስለሆነ ቃሉ ከአጥንታቸው ጋር ይቀርባል። እነሱ በፈረንሳይኛ ‹ሜርድ› ይባባላሉ፣ ትርጉሙ እንደ ኖርዌዮቹ ዓይነ ምድር ነው። ድሮ ብዙ ተመልካች በሠረገላ ሲመጣ ደጁ በፈረስ ፋንድያ ይሞላ ስለነበር ነው ይባላል። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይሄኛውን አታስተምሪ።

ዓርብ ዕለት ሦስታችሁም ሂዱ። እናትሽ ልጅቷን በሩ ላይ ‹እንትፍ እንትፍ፣ ከዓይን ያውጣሽ› ብለው ያስገቧት፣ አንቺ ከፈለግሽ የመምህሯን ቃል በይያት፣ ሁለቱም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። ‹ጉድ ላክ› የሚለውን ግን ከመድረክ ጀርባ አትበይ፣ እዚያ ያሉ ሰዎች እናትሽ ‹እግርሽን ስበሪ› ሲባል እንደደነገጡት ሊደነግጡ ይችላሉ። አበባ ከገዛሽም መኪና ውስጥ ተዪው። ከትርኢት በፊት አበባ መስጠት እነሱ ዘንድ ገደ ቢስ ነው፣ ሽልማቱ ከሥራው ቀደመ ማለት ነውና። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ እናትሽ ይስጧት።